የሰኞ ስብሰባ በስምና በቀን እንዲያልቅ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። የሰባት ሰው ቡድን ሳምንታዊ ስብሰባ ለዓመታት መርቻለሁ። «ተስማማን» ተብሎ ተወጥቶ በሳምንቱ እዚያው ቦታ መገናኘት የሰለቻችሁ ጠይቁኝ። የምሰጣችሁ ምሳሌ በሙሉ ከሥራችን ነው፣ ስሞቹን ብቻ ቀይሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ስብሰባው ጥሩ ነው፣ ሁሉም ይስማማል፣ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። በሳምንቱ ግን የተነካ ነገር የለም። የቱ ጋ ነው የሚበላሸው?

ቃለ ጉባኤውን አውጥተህ የመጨረሻውን መስመር አንብበው። እኛ ጋ አንድ ሰኞ የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «የኮንቴይነሩ ጉዳይ በአስቸኳይ እልባት እንዲያገኝ ተስማምተናል።» ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሟል። ያለ ክፍያ የሚቆይበት ጊዜ እያለቀ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቆጥራል። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ግዢ ክፍል ሰነዱን ሂሳብ ክፍል ከባንክ ያወጣዋል ብሎ አሰበ፣ ሂሳብ ክፍል ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ትራንዚተር ራሱ ሄዶ ይወስዳል ብሎ አሰበ፣ ትራንዚተሩ ደግሞ ስልክ እስኪደወልለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማንም አልሰነፈም። ሥራው ግን የማንም አልነበረም።

በቀጣዩ ሰኞ ጥያቄውን ቀየርነው። «ኮንቴይነሩን እንዴት እናውጣ?» ማለት ትተን «ከሁሉ በፊት መሆን ያለበት ነገር ምንድነው?» አልን። ኦርጅናል ሰነዱ ባንክ ነው፣ እሱ ካልወጣ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ እንዲህ ተጻፈ፦

ሄለን፦ ኦርጅናል ሰነዶቹን ከባንክ አውጥታ ለትራንዚተሩ ታስረክባለች። ማክሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት። አለቀ የሚባለው ትራንዚተሩ የፈረመበትን ወረቀት ፎቶ ግሩፑ ላይ ስትልክ ነው።

ዳዊት፦ ትራንዚተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አስገብቶ የቀረጡን ልክ እንዳሳወቀው ይከፍላል። ሐሙስ 10 ሰዓት። አለቀ የሚባለው ደረሰኙ ሲላክ ነው።

ጀማል፦ የጭነት መኪናውን ረቡዕ ማታ ሳያልፍ ይይዛል። አለቀ የሚባለው የሾፌሩ ስልክና የመኪናው ታርጋ ሲጻፍ ነው።

ልዩነቱ ይኼው ነው። «አለቀ የሚባለው መቼ ነው?» የምትለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ በእኔ እምነት ግን ከቀኑ እኩል ትሠራለች። እሷ ከሌለች ሰውየው «እየሠራሁት ነው» ይልሃል፣ አንተም መልስ የለህም።

ጥያቄ፦ እኛ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው እንመድባለን። አንዱ ቢታመም ወይ ፊልድ ቢወጣ ሌላው ይሠራዋል። ከአንድ ሰው አይሻልም?

መተኪያ መያዝህ ልክ ነው፣ የሰው ጤናና የመንገድ ነገር አይታወቅም። ግን ሁለቱን እኩል ካስቀመጥካቸው እያንዳንዳቸው ሌላው እየሠራ ይመስላቸዋል። አንዱ ስም ይቅደም፣ ሁለተኛው «ረዳት» ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው ሰው ካልቻለ ቀኑ ሳያልፍ ለረዳቱ አስረክቦ ግሩፑ ላይ «ለዳዊት አስረክቤያለሁ» ብሎ መጻፍ አለበት። ይህን እስኪጽፍ ተጠያቂው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በስብሰባው ላይ ለሌለ ሰው ሥራ አትስጡ። «እሱ ይሠራዋል» ይባልና ሰውየው ሐሙስ ነው የሚሰማው። ግድ ከሆነ አንድ የተገኘ ሰው በዚያው ቀን ደውሎለት እሺታውን ይዞ ይምጣ። እስከዚያ ሥራው የደዋዩ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ሥራ በሙሉ ሌላ መሥሪያ ቤት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፈቃድ ሰጪው ካልፈረመ እኔ ምን ብዬ ቀን ልስጥ?

እህቴ፣ የሰው እጅ ላይ ላለ ነገር ቀን አትስጪ። ለራስሽ እርምጃ ግን መስጠት ትችያለሽ። «ፈቃዱ ዓርብ ይወጣል» ብለሽ አትጻፊ። እኛ ጋ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ሄለን ረቡዕ 4 ሰዓት በአካል ሄዳ ፋይሉ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለና ምን እንደጎደለው አጣርታ ግሩፑ ላይ ትጽፋለች። ዓርብ ጠዋት ካልተፈረመ ሥራ አስኪያጁ ለክፍሉ ኃላፊ ይደውላሉ።»

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የምትረሳ ናት። መዘግየቱን ማን፣ መቼ፣ ወደ ማን ወደ ላይ እንደሚያነሳው አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ «እየተከታተልን ነው» እየተባለ ወር ያልፋል። «ፋይሉ ማን ጋ ነው?» ተብሎ ሲጣራ ደግሞ አንዳንዴ የጎደለው አንድ ማኅተም ወይ አንድ ገጽ ሆኖ ይገኛል። ይህ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ሄዶ ሲያይ ነው የሚታወቀው።

ጥያቄ፦ በእድራችን ስብሰባ የቀረም ያረፈደም ይቀጣል፣ ስለዚህ ሰው ያከብራል። ቢሮም ቀን ያሳለፈውን ብንቀጣው በአንድ ወር ይስተካከላል ባይ ነኝ።

የእድሩ ቅጣት የሚሠራው መቅረትና ማርፈድ ለሁሉም የሚታይ፣ ክርክር የሌለበት ነገር ስለሆነ ነው። ለሥራ ቀን ቅጣት ብታደርግ ሰው በሁለት ቀን የሚያልቀውን ነገር ሁለት ሳምንት ይልሃል። ቀኑን አሳለፈ የሚል አይኖርም፣ ሥራው ግን ይጎተታል። በዚያ ላይ ችግር የገጠመው ሰው ይደብቃል፣ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ቀኑ ሳይደርስ፣ ገና ማክሰኞ ላይ እንዲነግርህ ነው።

ከእድር የምወስደው ሌላ ነገር አለ። ብዙ እድር ላይ ጸሐፊው ሌላ አጀንዳ ከመነሳቱ በፊት ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ጮክ ብሎ ያነባል። እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። ያለፈው ሳምንት ዝርዝር ይነበባል፣ ስሙ የተጠራ ሰው «አልቋል» ወይም «አላለቀም» ብቻ ይላል። ምክንያት እዚያ ላይ አይወራም። ያላለቀው ወደ ውይይቱ ይገባል፣ አዲሱ ቀን መጨረሻ ላይ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ግማሾቻችን ዋሽንግተን ነን። ቀን ብናስቀምጥም «እኔ የመሰለኝ» የሚል አይጠፋም።

ይህ የጨዋነት ችግር አይደለም፣ የአጻጻፍ ነው። «10 ሰዓት» ስትል አዲስ አበባ ያለው ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው፣ እዚያ ያለው ጠዋት ሊመስለው ይችላል። አዲስ አበባ 10 ሰዓት ማለት ዋሽንግተን፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በበጋቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ቀኑም እንደዚያው ነው። «በ15 ይደርሳል» ተባለ እንበል። ጥቅምት 15 ከሆነ በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 25 ላይ ይውላል። ኦክቶበር 15 ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 5 ነው። አሥር ቀን ልዩነት፣ ሁለቱም ሰው ልክ ነኝ ይላል።

ስለዚህ የሳምንቱን ቀን ስም፣ ወሩንና የማን ሰዓት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፦ «ዓርብ ጥቅምት 14፣ በአዲስ አበባ 10 ሰዓት»። «በሳምንቱ መጨረሻ»፣ «በቅርቡ»፣ «ከበዓሉ በኋላ» የሚሉትን ከዝርዝሩ አውጡ።

ጥያቄ፦ ቡድኔ ውስጥ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ባለሙያ አሉ። ሰው ፊት «እስከ መቼ ይጨርሳሉ?» ማለት ይከብደኛል፣ ነውር ይመስለኛል።

ቀኑን አንተ አታስቀምጥላቸው፣ እሳቸው ይናገሩት። «ጋሼ፣ ለየትኛው ቀን ልጻፍልዎ?» ስትል ትእዛዝ አይደለም፣ ጸሐፊ ሆነህ እየጠየቅክ ነው። እንዲያውም ይህ ለሁሉም ሰው ይሠራል። ሰው በራሱ አፍ «ሐሙስ» ያለውን ቀን ሌላ ሰው ከሰጠው ቀን በበለጠ ይጠብቀዋል። ከባድ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ቢሯቸው ገብተህ አማክራቸው፣ ስብሰባው ላይ ዱብ እዳ አይሁንባቸው።

*አንድ አባል፦* እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ፊት «አላለቀም» ማለት በራሱ ማሸማቀቅ ነው። እኛ ጋ ኃላፊው እሁድ ማታ ለየሰው ለብቻ ይደውላል፣ ስብሰባው ላይ ያለቀው ብቻ ይነገራል። ሰላም አለ፣ ሥራም ይሠራል።

ኃላፊው ሁሉንም የሚደርስ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። የእኔ ፍርሃት ሄለን የዳዊት ሥራ እንደዘገየ ሳታውቅ የራሷን ቀን መስጠቷ ነው፣ የእሷ ሥራ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነውና። አንተ ጋ ሥራዎቹ ለየብቻ የሚሄዱ ከሆኑ ግን መንገድህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርህም።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ?

እኛ 45። አሥሩ ያለፈውን ለማንበብ፣ 25ቱ ለውይይት፣ የመጨረሻው አሥር ለአዲሱ ዝርዝር ብቻ። ውይይቱ ቢደራም ያ አሥር ደቂቃ አይነካም። ያላለቀ ወሬ ካለ ራሱ ሥራ ይሆናል፦ «ጀማልና ዳዊት ነገ 3 ሰዓት ተገናኝተው ይወስናሉ፣ ውጤቱን ጀማል ይጽፋል።» ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዱ የራሱን መስመር ራሱ ያነባል። ግሩፑ ላይ ፒን ይደረጋል፣ አበቃ።

ጥያቄ፦ ሥራ የሚያዘገየው ራሱ አለቃችን ቢሆንስ? ሰነዱ ፊርማ ይጠብቃል፣ ፊርማው አይመጣም።

ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፣ እንደማንኛውም ሰው፦ «ሥራ አስኪያጅ፦ የዋጋ ማቅረቢያውን ሐሙስ 6 ሰዓት ይፈርማሉ።» ብዙዎቹ አለቆች አይቆጡም፣ ምን እንደሚጠበቅባቸው በግልጽ የሚነግራቸው ሰው የለም እንጂ። ሰነዱንም ተዘጋጅቶ፣ የሚፈረምበት ቦታ ተለይቶ፣ ረቡዕ ማታ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያደርስ ሰው ስሙ ይጻፍ። ስማቸው እንዲጻፍ የማይፈቅዱ ከሆነ ግን ይህ ዝርዝር አይፈታውም፣ መጀመሪያ ለብቻቸው ልታናግራቸው ይገባል።

ቀኑ ሦስት ጊዜ ከተላለፈ ደግሞ፣ የማንም ሥራ ይሁን፣ አራተኛ ቀን አትጻፉ። ወይ ሥራው ትልቅ ነው፣ ይከፈል። ወይ ሰውየው ጊዜ የለውም፣ ለሌላ ይሰጥ። ወይ ማንም አይፈልገውም፣ ከዝርዝሩ ይሰረዝ፣ መሰረዙም ይጻፍ።