ማታ የምትቆጥሩት ብር ሁሉ የእናንተ አይደለም

በገዛ ሞተራችሁ ዕቃ ለምታደርሱ፣ ለመጀመርም ለምታስቡ ልጆቼ፣

ማታ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ብር የቤንዚኑን ቀንሳችሁ የቀረውን ትርፍ ካላችሁት ሞተሩን እየቆራረሳችሁ እየበላችሁ ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚያስወጣችሁ ነው።

ከቤንዚኑ ጀምሩ። ሞተሩን በመሀል ማቆሚያው አቁማችሁ ታንከሩን ሙሉና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሠራችሁ በኋላ እዚያው ማደያ፣ እስከዚያው ልክ ሙሉ። የሄዳችሁትን በገባው ሊትር አካፍሉ። በቴሌብር ስትከፍሉ ሒሳቡ ስልካችሁ ላይ ይቀራል፤ ኪሎ ሜትሩን ግን የሚጽፍላችሁ የለም። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ፤ የአንድ ቀን ልኬት ያሳስታል።

ለምሳሌ ሞተራችሁ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሊትሩም 120 ብር ነው እንበል። ቤንዚኑ በኪሎ ሜትር 3 ብር ሆነ። ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለፍሬን ሸራና ለድንገተኛ ብልሽት 2 ብር ከ50 ያዙ። 180,000 ብር የተገዛው ሞተር 60,000 ኪሎ ሜትር ሠርቶ በ90,000 ቢሸጥ፣ በየኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ50 ከዋጋው ወርዷል። ድምሩ 7 ብር ነው። ዋጋዎቹን በየራሳችሁ ተኩ፤ ስሌቱ አይለወጥም።

በቀን ስምንት ዕቃ በ150 ብር ያደረሰና 90 ኪሎ ሜትር የነዳ ልጅ 1,200 ብር ይዞ ይገባል። የቤንዚኑን 270 ብር ሲቀንስ 930 የቀረው ይመስለዋል። እውነተኛው ግን 570 ነው። ልዩነቱ 360 ብር የሞተሩ ድርሻ ስለሆነ የዚያኑ ማታ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ይህን ያላደረገ ሰው ጎማው ሲያልቅ ይበደራል፤ አለዚያ ላስቲኩ ባለቀ ጎማ ክረምቱን ይነዳል፤ ይህ ደግሞ ሕይወትን ያስከፍላል።

ዋጋ ስትነጋገሩ መመለሻውን አትርሱ። ዕቃው ያለበት ሱቅ 3 ኪሎ ሜትር፣ ደንበኛው ከዚያ 10፣ ባዶ መመለሻው 10 ቢሆን መንገዱ 23 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 161 ብር ነው። በ150 ብር ከሄዳችሁ ጉልበታችሁን በነፃ ሰጥታችሁ 11 ብር ጨምራችሁበታል። ስለዚህ የሩቁን ዕቃ ብቻውን አታንሱ። ከመገናኛ ወደ አያት የምትሄዱ ከሆነ መንገድ ላይ ያለውን የሲኤምሲ ደንበኛ አብራችሁ ያዙ፤ ደንበኛችሁንም ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ሰው ምግብ ካልሆነ ይፈቅዳል።

ወጪውን የሚያንሩት ሁለት ስህተቶች ናቸው። አንደኛው የመኪና ዘይት መጨመር ነው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ለመኪና የተዘጋጀ ማለስለሻ ያለበት ዘይት ያንሸራትተዋል። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጡ ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሁለተኛው ካቴናውን ብቻ መቀየር ነው። የፊትና የኋላው ጥርስ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ በነጭ ጋዝ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት። መሀሉን በጣት ወደ ላይ ስትገፉት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ሊንቀሳቀስ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል።

ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ ባሕር ዳርና ሐዋሳን በመሰለ ሜዳ ከተማ፣ ከአራት ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ሞተረኛውን በዋጋ ታሸንፋላችሁ። ወጪያችሁ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ጎማና ካቴና ነው። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ግን ቀኑ ሳያልቅ ጉልበታችሁ ያልቃል፤ ሰፈር መርጣችሁ ሥሩ።

የቤንዚን መዝገባችሁ ሐኪምም ነው። 40 ይሄድ የነበረው 34 ከሆነ መካኒክ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የጎማውን ንፋስ እዩ፤ ከዚያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አቧራውን አራግፉ። ፍሬን ሳትይዙ ትንሽ ነድታችሁ ስታቆሙ የጎማው መሀል የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞ ቀርቷል። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከቆላ ሲመጣ ይህ ያጋጥማል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ለታች የተስተካከለው ቤንዚን ይበዛል። መካኒኩን «አስተካክልልኝ» ብቻ አትበሉት፤ የድሮውንና የአሁኑን ቁጥር አሳዩትና ከሥራው በኋላ ታንከሩን ሞልታችሁ እንደገና ለኩ።