ሦስት የሥራ ሐሳቦችና አንድ የነጥብ ሰንጠረዥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለሦስት ሥራዎች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጠሁ። በወጪ፣ በፍላጎትና በድካም ቅደም ተከተል ልብስ ማስተካከል 4፣ 4፣ 3፤ ማስጠናት 1፣ 3፣ 4፤ ጽዳት 3፣ 4፣ 4 ሆኑ። ማስጠናት በ8 ነጥብ መጨረሻ ሆነ። ልተወው?

መልስ፦ ገና ነው። ለማስጠናት ወጪ 1 የሰጠኸው ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ነው፤ በድምሩ ውስጥ ግን ይህ በጎ ጎኑ እንደ ድክመት ተቆጠረበት። ፍላጎት ሲበዛ ይጠቅማል፣ ወጪና ድካም ሲበዙ ይጎዳሉ። ስለዚህ የሁለቱን ነጥብ ከ6 ቀንሰህ ገልብጣቸው። ከዚያ በኋላ 5 በሁሉም ዓምድ መልካም ማለት ይሆናል።

| ሐሳብ | ወጪ | ፍላጎት | ድካም | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ልብስ ማስተካከል | 2 | 4 | 3 | 9 |
| ማስጠናት | 5 | 3 | 2 | 10 |
| ጽዳት | 3 | 4 | 2 | 9 |

መጨረሻ የነበረው ፊት ወጣ። ይሁን እንጂ የ1 ነጥብ ብልጫ ብልጫ አይባልም፤ አንድ ግምት ቢዛነፍ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ገዢ ከሌለ ርካሽነቱ ምን ይሠራል? ፍላጎትን በ2 ማባዛት ግዴታ ነው።

መልስ፦ ማባዛቱን እቀበላለሁ፣ ግዴታ መሆኑን ግን አልቀበልም። ማባዣው የሚወሰነው ድምሩ ከመታየቱ በፊት ነው። የወደደው ሐሳብ አንደኛ እስኪወጣ ማባዣ የሚቀያይር ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። ደግሞ እዚህ ብታባዛው ሦስቱም እኩል 13 ይሆናሉ። እንግዲህ ጥያቄው የፍላጎት ቁጥሮቹ ከየት መጡ የሚለው ነው። ወዳጅ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ቢል ከ2 በላይ አልሰጥም። የማያውቀኝ ሰው ዋጋ ጠይቆ መቼ እንደምጀምር ቢያጣራ 3 እሰጣለሁ። ቀብድ የከፈለ ሲገኝ 4፣ የከፈሉት ሲበራከቱ 5።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴም ጽዳት አስበናል። 5 መልካም በሆነበት በተገለበጠው ነጥብ ለድካሙ እሷ 4፣ እኔ 2 ሰጠን። 3 ብለን እንስማማ?

መልስ፦ 3 ጸብ ያበርዳል እንጂ ምንም አይነግራችሁም። ምናልባት እሷ ያሰበችው መጥረጉንና መወልወሉን ብቻ ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ዕቃ መሸከሙን፣ መንገዱን፣ «ጥጉ አልጸዳም» ተብሎ መመለሱን ጨምረሽ ይሆናል። የአንድ ቤት ሥራ የሚፈጀውን ሰዓት ከመነሻ እስከ መመለሻ ለየብቻ ጻፉና አስተያዩ። ያኔም ላትስማሙ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። የጽዳቱ 4 ከወዳጆች አድናቆት የመጣ ነበር፤ ወደ 2 አወረድኩት። ለማስጠናት ግን አንድ ወላጅ ቀብድ ከፍሎኛል። 5 ልበለው?

መልስ፦ አንድ ሰው ነውና 4 በለው። በ2 ስታባዛው ማስጠናት 15፣ ጽዳት 9 ይሆናል። የልብሱ 13 ያልተጣራ ስለሆነ በእርሳስ ይጻፍ። ግን ወላጁ ዘመድህ ነው? ከሆነ ማስጠናቱም 3 ላይ ይቆይ።