ኢንቨርተሩ 220 ነው፣ ቴስተሩ 173 ይላል

«መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት ኢንቨርተር ገዛሁ። 220 ቮልት ነው ብለው ሸጡልኝ። በቴስተር ስለካው ግን 173 ነው። ተሸወድኩ እንዴ?»

አይመስለኝም። ሱቁ ሄደህ ከመጨቃጨቅህ በፊት ዕቃው ላይ የተጻፈውን እይ። ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ 173 የሚጠበቅ ቁጥር ነው።

ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው መብራት ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሳይን ዌቭ ነው። ያንተ ኢንቨርተር ግን እንደ ደረጃ ነው የሚሠራው። በአንዴ ወደ 311 ቮልት ይዘልና 5 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ከዚያ 5 ሚሊሰከንድ ዜሮ ይሆናል። ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ 311 ይሆንና እንደገና ዜሮ ይገባል። ይሄ ሁሉ በ20 ሚሊሰከንድ ያልቃል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አሁን 44 ኦም ሬዚስታንስ ያለው ማሞቂያ ሰካንበት እንበል። 311ን ለ44 ስናካፍል 7.07 አምፔር ይመጣል። ይህ ከረንት የሚፈሰው ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ምንም የለም።

ሙቀት የሚመጣው ከከረንቱ ስኩዌር ስለሆነ 7.07ን በራሱ እናባዛው፤ 50 ይሆናል። ግማሹን ጊዜ 50፣ ግማሹን ዜሮ ስለሆነ አማካዩ 25 ነው። የ25 ስኩዌር ሩት ደግሞ 5 ነው። ውጤታማ ዋጋ ወይም አር ኤም ኤስ የምንለው ይሄ 5 አምፔር ነው። ትርጉሙም ቀላል ነው፤ ከባትሪ የሚመጣ፣ የማይለዋወጥ 5 አምፔር ማሞቂያው ውስጥ ቢያልፍ የሚሰጠው ሙቀት ከዚህኛው ጋር እኩል ነው። 25 በ44 ሲባዛ 1,100 ዋት ይሆናል። ማሞቂያው የግድግዳው ሶኬት ላይ ቢሰካም ያው 1,100 ዋት ነው። ስለዚህ ኢንቨርተሩ አልዋሸም።

ችግሩ ያለው ቴስተሩ ጋ ነው። ርካሽ ቴስተር ስኩዌር የሚባል ነገር አያውቅም። የፕላስና የማይነስ ምልክቱን ትቶ፣ የመጠኑን ተራ አማካይ ብቻ ይወስዳል። የኛ ከረንት አማካይ 3.54 አምፔር ነው። ከዚያ ቴስተሩ በ1.11 ያባዛውና 3.93 ብሎ ያሳይሃል። 1.11 ከየት መጣ? ሳይን ዌቭ ላይ ውጤታማው የጫፉ 0.707 ነው፣ አማካዩ ደግሞ 0.637። አንዱን ለአንዱ ስታካፍል 1.11 ይመጣል። ፋብሪካው የምትለካው ሁሌም ሳይን ዌቭ ነው ብሎ ገምቶልሃል። ለኛ ደረጃ ግን ትክክለኛው ማባዣ 1.41 ነበር።

ቮልቴጁም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ግማሹን ጊዜ 311 ማለት አማካዩ 155.5 ነው፤ በ1.11 ሲባዛ 173። በቴስተሩ ቁጥሮች ዋት ብታሰላ 680 ብቻ ታገኛለህ፣ ማሞቂያው ግን 1,100 ዋት እየበላ ነው። ባትሪዬ ለምን ቶሎ አለቀ ብለህ ከሆነ፣ ከዚህ ጀምረህ አስብ።

እንዴት ታረጋግጣለህ? True RMS ተብሎ የተጻፈበት ሜትር ተዋስና ለካው። እሱ ከሌለ የድሮውን፣ የሚግለውን የክር አምፖል ተጠቀም። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖል ግዛ፤ አንዱን ሶኬቱ ላይ፣ ሌላውን ኢንቨርተሩ ላይ አብራ። ሶኬቱ 220 አካባቢ ከሆነና ድምቀታቸው እኩል ከሆነ ኢንቨርተርህ ደህና ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ቮልቴጁ ቢቀንስም ብዙ ጊዜ ያው ይበራል። True RMS የሆነውም ሜትር 173 ካለህ፣ ያኔ ወደ ሱቁ መሄድ ትችላለህ።

«ተማሪ ነኝ። አር ኤም ኤስም ያው አማካይ አይደል? ታዲያ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይለያያሉ? የትኛውንስ ልያዝ?»

አማካይ ነው፣ ግን የስኩዌሩ አማካይ። ስኩዌር ሲደረግ ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ይልቅ እጅግ ይገዝፋል፤ ልዩነቱ ሁሉ እዚያ ነው።

10 አምፔር የሚሆን ፐልስ አስቢ። ከጊዜው አንድ አስረኛውን ብቻ ይፈሳል፣ የቀረውን ዜሮ ነው። አማካዩ 1 አምፔር ነው። ስኩዌሩ 100፣ የዚያ አንድ አስረኛ 10፣ ስኩዌር ሩቱ 3.16። 1 ኦም የሆነ ሽቦ በዚህ ከረንት 10 ዋት ይግላል፤ የማይለዋወጥ 1 አምፔር ቢሆን ግን 1 ዋት ብቻ ነበር። አሁን ፐልሱን አጥብቢው። 100 አምፔር ይሁን፣ ግን አንድ መቶኛውን ጊዜ ብቻ። አማካዩ አሁንም 1 ነው። ውጤታማው ግን 10 አምፔር ሆነ፣ ሽቦውም 100 ዋት ይግላል። አማካዩ ምንም ሳይነካ ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሚሆኑት ከረንቱ ጭራሽ የማይለዋወጥ ሲሆን ብቻ ነው።

የትኛውን ትያዢ? እንደ ጥያቄው ነው። ያ ባለ 10 አምፔር ፐልስ ባትሪ ይሞላል እንበል። ባትሪው ውስጥ የሚገባው ቻርጅ በአማካዩ ነው የሚቆጠረው፤ በ10 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ገባ ማለት ነው። መንገድ ላይ ያለው ፊውዝ ግን ስለ አማካዩ ግድ የለውም፣ የሚያየው 3.16ቱን ነው። አማካዩ 1 አምፔር ነው ብሎ የ2 አምፔር ፊውዝ ያስገባ ሰው፣ ፊውዙ ሲቃጠልበት ቻርጀሩን ይረግማል። እኔም አንድ ጊዜ ረግሜአለሁ።

«እኔ True RMS ሜትር ነው ያለኝ። እንዲህ ያለ ፐልስ ለካሁ፤ ስሌቱ 3.16 ይላል፣ ሜትሩ ግን ልክ 3.00። ማን ተሳሳተ?»

ማንም። ብዙዎቹ ሜትሮች ኤሲ ላይ ሲደረጉ ቋሚውን ክፍል አግደው የሚለዋወጠውን ብቻ ይለካሉ። ዲሲ ላይ አዙረው ድጋሚ ይለኩ፣ 1 አምፔር ያገኛሉ። ከዚያ ሁለቱን በስኩዌር ይደምሩ፤ 9 እና 1፣ 10 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 3.16 ነው። AC+DC የሚል ቦታ ያለው ሜትር ከሆነ ይህን ራሱ ይሠራልዎታል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የሜትሩ ማኑዋል ላይ ክረስት ፋክተር የሚል ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 3 ነው። ጫፉ ከውጤታማው ስንት እጥፍ ድረስ ቢሆን ሜትሩ እንደሚችል የሚናገር ነው። የእርስዎ ፐልስ ዳር ላይ ደርሷል። ከዚህ በላይ ከጠበበ True RMS የሚለውም ጽሑፍ አያድንም።

«አንድ ሽቦ ውስጥ ሁለት ሳይን ዌቭ ከረንቶች አብረው ይፈሳሉ፤ በአር ኤም ኤስ የ50 ኸርዙ 8 አምፔር፣ የ150 ኸርዙ 6 አምፔር ነው። ጠቅላላው 14 ነው?»

10 ነው። 64 እና 36 ተደምረው 100፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት። የሁለቱ ሞገዶች ብዜት በአንድ ሙሉ ዙር ሲታሰብ ራሱን አጣፍቶ ዜሮ ስለሚሆን፣ የሚቀረው የየራሳቸው ስኩዌር ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ቢነሳ ወይም ቢዘገይ 10ሩ አይለወጥም። ቅርጹ ግን ይለወጣል፣ ከቅርጹ ጋርም የርካሹ ቴስተር ንባብ። ለዚህ ነው ያንን ቴስተር በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ ማረም የማይቻለው።