ልድገምላት ወይስ ብሯን ልመልስላት?

ሰሞኑን በቅርቡ ጸጉር ቤት የከፈተች ልጅ ደወለችልኝ። "ደንበኛዬ ቀለሙን አልወደደችውም፤ ልድገምላት ወይስ ብሯን ልመልስላት?" አለች። "ጸጉሯን አርጥበሽ ሳብ አድርገሽ አይተሽዋል?" አልኳት። አላየችም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሥራ ላይ አልዋልኩም፤ አንዲት የድሮ ደንበኛ ትዝ አለችኝ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ሴቶቹ ቢጎዲን ተጠቅልለው ካስክ ስር ተደርድረው፣ ሰው ሳይሰማቸው የሚያሙ እየመሰላቸው በጩኸት የሚያወሩበት ዘመን ነው። ልጅቷ እህቷ ልታገባ ነውና ካራሜል ቀለም ፈለገች። ሪላክሰር ዓመታት ተጠቅማለች። ጫፉ ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀባችው ጥቁር ቀለም አለ። እኛ ቀለም የሚያነጣውን ብሊች በ30 ኦክሲጅን፣ ቁጥሩ ሲጨምር በሚበረታው መበጥበጫ፣ በጥብጠን ከሥር እስከ ጫፍ በአንዴ ለቀለቅናት። ሥሩ ጋ የራስ ቆዳ ሙቀት አለ፣ ብሊች እዚያ ይፈጥናል፤ ለዚህ ነው መሃሉና ጫፉ ቀድሞ፣ ሥሩ መጨረሻ ላይ የሚቀባው። ታጥባ ስትወጣ ሥሩ ብርቱካን፣ ጫፉ ቡና ሆኖ አረፈው።

ልጅቷ መስታወት ፊት አለቀሰች። የቤቱ ባለቤት ወደ ጓዳ ጠራችኝና "ብር አይመለስም፣ ዛሬውኑ ድገሚላት" አለችኝ። ብር ከመለስን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል ብላ ነው የፈራችው። ከመድገሜ በፊት ከጆሮዋ በላይ አንድ ቀጭን ዘለላ አርጥቤ ሳብኩት። ደህና ጸጉር ትንሽ ይለጠጥና ስትለቂው ይመለሳል። ያኛው እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ቀረ። አይቻለሁ፣ ግን ደመወዜም ታየኝና ቀባሁት። ስናጥባት እዚያ ቦታ ያለው ጸጉር ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። እህቷን ሻሽ አስራ ነው የዳረችው።

የሚገርመው መፍትሔው ቀላል ነበር። ብሊች ሳንነካ ሥሩን በ10 ኦክሲጅን ወደ ደብዛዛ ቡናማ ብናጨልመው ከጫፉ ጋር ይገጥም ነበር። ይሄም መድገም ነው። ብዙዎቻችሁ መድገም ሲባል የመጀመሪያውን ሥራ እንደገና መሥራት ይመስላችኋል። ካራሜል ካልሆነ አልፈልግም ብትል ደግሞ ጸጉሩ አይችልም ብሎ ብሯን መስጠት ነው። እኔ ብር መመለስ አልወድም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን ጸጉሩ ማስቲካ ከሆነ ሳልከራከር ነው የምመልሰው።

የአሁን ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላችሁ። ጸጉሩ በደንብ ሳይደርቅ ሪንግ ላይት አብርታችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ። በዚያ መብራት ብርቱካኑም ወርቅ ይመስላል። ደንበኛዋ ቤቷ ገብታ በመስኮት ብርሃን ስታየው ነው ጉዱ የሚወጣው። ከመሸኘታችሁ በፊት በር ላይ አውጥታችሁ አብራችሁ እዩት። ቅሬታ ካለም እዚያው ይሰማል፣ መድገሙም ይቀላል።

ቁርጥ ላይ ነገሩ ይለያል። ረዝሟል ካለች ያው ትቆርጪላታለሽ፣ ምንም አያነጋግርም። ሲያጥር ግን የሚደገም ነገር የለም። ከርዳዳ ጸጉር በፎን ተስቦ ሲቆረጥ ትከሻ ላይ ያረፈው፣ ሲታጠብ ተኮማትሮ አገጭ ጋ ይደርሳል። ይህን አስቀድመሽ ካልነገርሻት ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ ብሩን መልሺ። ነግረሻት "ቁረጪው" ካለች ግን አይመለስም።

እምቢ ማለትም አለ። ቀይ ተቀብታ ከ3 ሳምንት በኋላ "ለቀቀ" ብላ የምትመጣ አለች። ቀይ ቶሎ የሚደበዝዝ ቀለም ነው፤ ቶሎ ቶሎ ከታጠበ፣ ፔስትራም ከበዛበት ይብሳል። ለእንዲህ ዓይነቷ ቡና አስቀርቤ "እህቴ፣ የወጣሽ ቀን በር ላይ አብረን አይተነው ወደሽው ነበር። ብር አልመልስም፣ ግን የቀለሙን ዋጋ ብቻ ከፍለሽ ላድስልሽ" እላታለሁ። አንዳንዷ ትስማማለች፣ አንዳንዷ ተቆጥታ ትሄዳለች። ትሂድ።

ቀለሙን ራሷ ከሱቅ ገዝታ ያመጣች ከሆነች ደግሞ የምትመልሱት የእጃችሁን ዋጋ ብቻ ነው። እሱንም ጥፋቱ የእናንተ ሲሆን። ቱቦውንና የኦክሲጅኑን ጠርሙስ ግን እስክትወጣ አትጣሉ። 40 ኦክሲጅን ገዝታ መጥታ ራሴን አቃጠላችሁኝ ስትል የምታሳዩዋት እሱን ነው። እንዲያውም 40 ይዛ ከመጣች ከመጀመሪያውም አትቀቡላት።