ከፎቶ የተገለበጠ ሠንጠረዥ ከመጨረሻው ወንበር እንዲነበብ

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ በሚገኝ የገበሬዎች ዩኒየን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የ12 መሠረታዊ ማኅበራትን የማዳበሪያ ሥርጭት የሚያሳይ፣ በእጅ የተሞላ ሠንጠረዥ ከግድግዳ ላይ በስልክ አንስቼ አለኝ። ስምንት ዓምዶች አሉት፤ ራስጌው ሁለት ረድፍ ሲሆን ከታች ድምር አለው። ፎቶውን ስላይድ ላይ ስለጥፈው አይነበብም። በፖወርፖይንት ሠንጠረዥ ሠርቼ ፊደሉን ሳተልቅ ደግሞ ከስላይዱ በታች ይወጣብኛል፤ ጥጉን ይዤ ብጎትተውም አልቀነስም አለኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥጉን ይዘው ሲጎትቱ አልቀነስም ያለዎት የፖወርፖይንት ሠንጠረዥ እንደ ሥዕል ስለማያንስ ነው። ሥዕል ሲጎተት ሁሉ ነገሩ አብሮ ያንሳል፤ የሠንጠረዥ ረድፍ ግን በውስጡ ካለው ፊደል ቁመት በታች አይወርድም፣ ፊደሉም በራሱ አያንስም። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅ እንዲሆን ከፈለጉ መቀነስ ያለበት የረድፉና የዓምዱ ብዛት ነው። ስንት ረድፍ እንደሚበቃ ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት አስልተው ማወቅ ይችላሉ።

የተለመደው ሰፊ ስላይድ 33.87 ሴንቲ ሜትር ወርድና 19.05 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ከላይ ለርዕስ፣ ከታች ደግሞ ለባዶ ጠርዝ ሲተዉለት ለሠንጠረዡ የሚቀረው ቁመት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መጠኑ 28 የሆነ የአማርኛ መስመር ከነክፍተቱ 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ሕዋስ ከላይና ከታች የሚተወው ጠርዝ ሲጨመርበት አንዱ ረድፍ ወደ 1.55 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 15ን ለ1.55 ቢያካፍሉ ዘጠኝ ረድፍ ያገኛሉ። የእርስዎ ሠንጠረዥ ከራስጌውና ከድምሩ ጋር 15 ረድፍ ስለሆነ በምንም ጉተታ በአንድ ስላይድ ሊገባ አይችልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊደሉን ወደ 16 ያወርደዋል፤ እኔ ግን ለሁለት ስላይድ መክፈሉን እመርጣለሁ።

አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ስድስት ማኅበራት በመጀመሪያው ስላይድ፣ ስድስቱ ከድምሩ ጋር በሁለተኛው ይሁኑ። ተራ ቁጥሩን ይተዉት፤ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚፈልገው የማኅበሩን ስም ነው። የምርመራውን ዓምድም አውጥተው በስላይዱ ሥር ባለው የ`Notes` ቦታ ይጻፉና በቃል ይናገሩት። ቀሪ የሚያሳይ ዓምድ ካለም ከተጠየቀውና ከደረሰው ልዩነት ስለሚታወቅ ይውጣ። የሚቀሩት አምስት ዓምዶች የማኅበሩ ስም፣ ዩሪያ የተጠየቀ፣ ዩሪያ የደረሰ፣ ኤንፒኤስ የተጠየቀ እና ኤንፒኤስ የደረሰ ናቸው። መለኪያው ኩንታል መሆኑ በርዕሱ ላይ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ይበቃል።

በወረቀቱ ላይ «ዩሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ዓምዶችን በአንድ ሕዋስ እንደሸፈነ እገምታለሁ። ያንን ማዋሐድ በስላይዱ ላይ አይድገሙት። የተዋሐደ ሕዋስ ያለበት ሠንጠረዥ ዓምዱን ሲያሰፉት ወይም ቁጥር ሲለጥፉበት ያስቸግራል። ይልቁንስ በእያንዳንዱ ራስጌ ከላይ «ዩሪያ»፣ ከሥሩ «የተጠየቀ» ብለው በሁለት መስመር ይጻፉ። በመጠን 28 አንድን የአማርኛ ፊደል ለግምት 0.8 ሴንቲ ሜትር ብንይዘው፣ አምስት ፊደል ያለው «የተጠየቀ» ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ጋር 4.5 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ለአራቱ የቁጥር ዓምዶች 5፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሰጡ፣ ከግራና ከቀኝ ባዶ ጠርዝ ሲተዉ ለሠንጠረዡ ከሚቀረው 31.3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ለማኅበሩ ስም 11.3 ይቀራል፤ ይህም 13 ፊደል ያህል በአንድ መስመር ይይዛል። ከዚህ የሚረዝም ስም ካለ «የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚለውን ቆርጠው መለያ ስሙን ብቻ ይተዉ፤ አንድ ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ከታጠፈ የዚያ ረድፍ ቁመት ወደ እጥፍ ይጠጋልና። ባለ ሁለት መስመሩ ራስጌ 2.9፣ ሰባቱ የሁለተኛው ስላይድ ረድፎች ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወስዱ በ15ቱ ውስጥ ይገባሉ።

ቁጥሮቹን በቀጥታ ስላይድ ላይ አይጻፉ። መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ከፎቶው እያዩ ይመዝግቡ። ኤክሴል ከሥዕል ላይ የሚያነብበት መንገድ ቢኖረውም የአማርኛውን ስም አያነብልዎትም፤ በእጅ የተጻፈ 12 ረድፍ ደግሞ መተየቡ ይፈጥናል። ከዚያ እያንዳንዱን ዓምድ ደምረው በፎቶው ካለው ድምር ጋር ያስተያዩ፦

```
=SUM(B2:B13)
```

ካልገጠመ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኀዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 486ን 468 ብሎ የጻፈ ሰው ልዩነቱ 18 ይሆንበታል። ካልተካፈለ በእጅ ጽሑፍ የሚምታቱትን 1ና 7፣ 3ና 8፣ 0ና 6 ፎቶውን አጉልተው ይመልከቱ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ድምሩ ብቻ ካልገጠመ ስሕተቱ ከወረቀቱ ነውና ሠንጠረዡን የሞላውን ሰው ይጠይቁ፤ በራስዎ አያስተካክሉት። ባዶ ሕዋሶችንም አብረው ይጠይቁ፦ ምንም ካልደረሰ 0፣ ሪፖርቱ ካልመጣ ሰረዝ ይደረጋል፤ ሁለቱ በስብሰባ ላይ አንድ አይደሉም።

ወደ ስላይዱ ሲለጥፉ `Use Destination Styles` የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ የሠንጠረዡን ጠርዝ ጠቅ አድርገው ሙሉውን ከያዙ በኋላ መጠኑን 28 ያድርጉ። ሙሉውን መያዝዎ ምክንያት አለው፤ ባዶ ሕዋስም የራሱን የፊደል መጠን ይይዛል፣ አንዱ በ40 ቀርቶ ከሆነ ምንም ሳይጻፍበት ረድፉን ወጥሮ ይይዘዋል። አልቀነስ ያለ ረድፍ ሲገጥምዎ መጀመሪያ ባዶዎቹን፣ ቀጥሎ ከጽሑፉ መጨረሻ የቀረ ትርፍ `Enter` እንዳለ ይፈትሹ። ቁጥሮቹን ወደ ቀኝ ያስጠጉ። የመጀመሪያው ስላይድ ሲያልቅ በ`Ctrl+D` አባዝተው ጽሑፉን ይተኩ፣ ለድምሩም ከሥር አንድ ረድፍ ይጨምሩ፤ ዓምዶቹ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ ስለሚቆሙ ተመልካቹ እንደ አዲስ አይፈልግም። የድምሩን ረድፍ «የ12ቱ ድምር» ይበሉት፤ «ድምር» ብቻ ካሉት ከፊታቸው ያሉት የስድስቱ ብቻ ይመስላቸዋል።

መነበቡን አዳራሹ ሳይደርሱ ሊፈትኑት ይችላሉ። የመጨረሻው ወንበር ከመጋረጃው 12 ሜትር ቢርቅና የሚታየው ምስል ቁመት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ርቀቱ የቁመቱ ስምንት እጥፍ ነው። የላፕቶፕዎ ምስል ቁመት 19 ሴንቲ ሜትር ከሆነ `F5` ተጭነው ወደ 1.5 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ያንብቡ። መስኮቱ ብዙ የሆነ አዳራሽ ከሆነ ግን በነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሁን፤ ግራጫና ቀለል ያለ ሰማያዊ ረድፍ በቀን ብርሃን ይጠፋል።

የቀረው ፎንቱ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ለኅትመት ከሚመጡት ፋይሎች ብዙዎቹ የሚበላሹት በዚህ ነው። በእርስዎ ኮምፒውተር ያለው የአማርኛ ፎንት በስብሰባው ላፕቶፕ ላይ ከሌለ ሌላ ይተካበታል፤ የተተካው ሰፋ ወይም ረዘም ካለ ስሞቹ ይታጠፉና ሠንጠረዡ እንደገና ከስላይዱ ይወጣል። በቀድሞዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አማርኛን የሚይዘውን `Ebrima` ቢጠቀሙ ይሻላል። ከፖወርፖይንቱ ጎን በፒዲኤፍ ያስቀመጡትንም በፍላሽ ይያዙ፤ ፒዲኤፉ ቅርጹን አይለውጥም፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣ የቁጥር እርማትን ግን የሚቀበለው ዋናው ፋይል ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል።