በበዓል ቀን ተረኛ ለሆኑ ሠራተኞች መልእክት ስለ መጻፍ

ገና በኃላፊነት ወንበር ለተቀመጣችሁ ወጣቶች፣

በጡረታ እስክገለል ድረስ ሌት ተቀን በማይዘጋ ሆስፒታል ውስጥ የፈረቃ ሥራ ስመራ ነው የኖርኩት። አሁንም በዓል ሲቃረብ አንዳንድ አዲስ የክፍል ኃላፊዎች ለሠራተኞቻቸው ሊልኩት ያሰቡትን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አስቀድመው ያሳዩኛል። የአብዛኞቹ ረቂቅ ተመሳሳይ ነው። ከእነርሱ አንዱን፣ ባለቤቱ ፈቅዶልኝ፣ እዚህ ላስቀምጠው፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ ከቤተሰቦቻችሁ ጋር በደስታና በእረፍት የምታሳልፉት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በዕለቱ በሥራ ላይ የምትገኙ ተረኞችም የምትከፍሉት መሥዋዕትነት ምንጊዜም አይረሳም። ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን።»

ክፉ ነገር የለበትም። ግን ይህን ጽሑፍ በበዓሉ ዋዜማ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብታ ሌሊቱን በሥራ ላይ የምታነጋ ነርስ ሆናችሁ አንብቡት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እርሷን አይመለከትም፤ ከቤተሰቧ ጋር አታርፍም። ሦስተኛው ይመለከታታል፤ ነገር ግን የተጻፈው ዋናው ምኞት ካለቀ በኋላ ተረስታ እንዳትቀር ያህል ነው። መሥዋዕትነት የሚለውም አይገጥምም፤ ፈቅዳ የገባችበት ሳይሆን ስሟ በተረኞች ዝርዝር ላይ ወጥቶ ነው። «አይረሳም» የሚለው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምትክ የእረፍት ቀን ስትጠይቅ የሚፈተን ቃል ኪዳን ነው። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ስለ ምትክ እረፍት አስቦ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። አላሰበም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ለተረኞች የሚላከው መልእክት ለብቻው ይጻፍ የሚል ነው። ለመላው ሠራተኛ የሚሄደው የመልካም ምኞት መግለጫ ይሂድ፤ ተረኞቹ ግን የራሳቸው መልእክት ይድረሳቸው። ለመጻፍ ስትነሡ ከፊታችሁ መኖር ያለበት የዚያ ቀን የፈረቃ ዝርዝር ነው። መልእክቱ የሚጻፈው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ በዝግጅት ያልተደገፈ ደግነት በወረቀት ላይ ቢያምርም በዕለቱ ይጋለጣል።

ዝርዝሩን እንያዝና አብረን እንሂድ። ክፍሉ በሦስት ፈረቃ ይሠራል እንበል፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ ከ5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት። በበዓሉ ቀን የሚሠራ ማን ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ ሦስት ቡድን ትቆጥራላችሁ። በእውነቱ ግን አራት ናቸው። በዋዜማው ምሽት 5 ሰዓት የገባው ቡድን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉትን 7 ሰዓታት በበዓሉ ቀን ውስጥ ይሠራል። በበዓሉ ምሽት 5 ሰዓት የሚገባው ደግሞ በዓሉ ውስጥ ያለው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። ክፍያው በሰዓት የሚቆጠር ከሆነ የዋዜማው ቡድን የ7 ሰዓት የበዓል ክፍያ አለው። ፈረቃው በተጀመረበት ቀን የሚመዘገብ ከሆነ ግን ምንም አያገኝም፤ ለ1 ሰዓት በበዓል የቆየው ቡድን ሙሉውን ይወስዳል። የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቀው ደመወዝ የሚያዘጋጀው ክፍል ነውና ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ደንቡ ከአገር አገር፣ ከተቋም ተቋም ይለያያል። «የበዓል ክፍያ ይከፈላችኋል» ብላችሁ በጅምላ ከጻፋችሁ በወሩ መጨረሻ የዋዜማው ቡድን ደመወዙን ይዞ ወደ ቢሮአችሁ ይመጣል፤ እውነትም አለው።

ዝርዝሩን ስትይዙ በላዩ የማይገኙትንም አስቡ። ጽዳቱንና ጥበቃውን የሚያቀርበው ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሠራተኞቹ በእናንተ የደመወዝ መዝገብ የሉም፤ በክፍሉ የስልክ ቡድን ውስጥም አይኖሩም። ያን ሌሊት ኮሪደሩን የሚያጸዱትና በሩን የሚጠብቁት ግን እነርሱ ናቸው። የእነርሱን ክፍያ እናንተ አትወስኑም፤ ስለዚህ ስለ ክፍያቸው አትጻፉ። መልእክቱ ታትሞ የመገኛ ፊርማ በሚፈረምበት ቦታ ከተለጠፈ፣ የተዘጋጀ ምግብ ካለም ቁጥሩ እነርሱን ካካተተ ግን ሰላምታችሁ ደርሷቸዋል።

አሁን በፈረቃ ያልሠራ ሰው ወደማይገምተው ነገር ልምጣ። በበዓል ቀን የጠዋት ተረኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ምንድን ነው? ክፍያው አይደለም። ተተኪዬ በሰዓቱ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ቤቱ እንግዳ ሞልቶ እርሱን እየጠበቁት ነው፤ 9 ሰዓት ላይ እወጣለሁ ብሎ ተናግሯል። የከሰዓቱ ተረኛ ደግሞ ከራሱ ቤት፣ ከሞቀ ጨዋታ መሐል ተነሥቶ የሚመጣ ነው፤ በዚያ ላይ ትራንስፖርቱ እንደ አዘቦት ቀን አይሆንም። በበዓል ርክክብ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። በሽተኛን ሳያስረክብ መውጣት ስለማይቻል የጠዋቱ ሰው በሩን እያየ ይቀራል። በመልእክታችሁ ውስጥ ከምስጋናው ሁሉ በላይ የሚያጽናናው ርክክብ ከዘገየ ማን እንደሚመጣ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን ለመጻፍ በተጠባባቂነት የሚውል ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት። ሰው ካልተገኘ ራሳችሁን መድቡ። ኃላፊ መሆን በዓል የሚያስከብር የሚመስለው ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ዝግጅቱን ከጨረስን በኋላ የወጣቱን ረቂቅ እንደገና ጻፍነው፦

«ለበዓሉ ዕለት ተረኞች፣ እንዲሁም በዋዜማው ምሽት 5 ሰዓት ለምትገቡ፦ እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉን ከቤት ርቃችሁ በሥራ ላይ እንደምታሳልፉ አውቃለሁ፤ ስለምትሠሩት ሥራ አመሰግናችኋለሁ።

ርክክብ በተለመደው ሰዓት ነው። ተተኪ ከ20 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ደውሉልኝ፤ ቀን እኔ፣ ማታ ምክትሌ መጥተን እንሸፍናለን። ሰርቪስ ምሽት 5 ሰዓትና ንጋት 1 ሰዓት ላይ ከዋናው በር ይነሣል። ምግብ ለአራቱም ቡድን ተዘጋጅቷል፤ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረቦቻችንም ተቆጥረዋል።

የበዓል ክፍያ የሚታሰበው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት በተሠራው ሰዓት ልክ ነው። ምትክ የእረፍት ቀን ይኖር እንደሆነ ገና አልተወሰነም፤ ውሳኔውን እስከ ሐሙስ አሳውቃለሁ። በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በክፍሉ እገኛለሁ።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዕለቱ እውነት መሆኑ ሊረጋገጥ የሚችል ነው። ስለ ምትክ እረፍት የተጻፈውን አስተውሉ። ወጣቱ ያልተወሰነውን ነገር ዝም ብሎ ለማለፍ ፈልጎ ነበር፤ እንዲጽፈው የመከርኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛ ያልተወሰነ ነገር እንዳለ ቢነገረው ይታገሣል። የሚያስቆጣው ጉዳዩ የተነሣ እንኳ ሳይመስል በዝምታ ሲታለፍ ነው። ነገር ግን ቀን ካስቀመጣችሁ ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ መልሱ «የለም» ቢሆንም በዕለቱ ይነገራቸው።

ሃይማኖትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በየክፍሉ ያን በዓል የማያከብሩ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም በደግነት ተረኝነቱን ከሌላው ይቀበላሉ። ይህ መልካም ነው። በመልእክቱ ላይ ግን «በዓሉ የማይመለከታችሁ ስለሸፈናችሁልን» ብላችሁ ለይታችሁ አታመስግኑ። የሰውን እምነት ለሁሉ የማወጅ ያህል ነው፤ በየዓመቱም ሸክሙ እንደ ግዴታ እነርሱ ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል። ፈረቃ ለተለዋወጠ ሰው ምስጋናው በግሉ ይድረሰው፤ ልውውጡም የራሱ በዓል ሲመጣ እንዲመለስለት በመዝገብ ይያዝ።

መልእክቱ የሚላክበት ጊዜ ከይዘቱ አያንስም። ብዙዎች በበዓሉ እኩለ ሌሊት ላይ ይልኩታል፤ ለላኪው ደስ ይላል። ተቀባዩ ግን ወይ በሥራ ላይ ነው፣ ወይ ጠዋት 1 ሰዓት ለመግባት ተኝቷል። ሦስት ቀን ሲቀረው ላኩት። ሠራተኛው ሰርቪስ መኖሩንና የሚወጣበትን ሰዓት ቀድሞ ካወቀ ከቤተሰቡ ጋር ቀጠሮውን ማስተካከል ይችላል። በዕለቱ የሚቀረው በአካል መገኘት ነው፤ እርሱም በርክክብ ሰዓት አይሁን። በዚያ ሰዓት አንዱ ለመውጣት ይቸኩላል፣ ሌላው የበሽተኞቹን ሁኔታ እየሰማ ነው። አስቁማችሁ ንግግር ብታደርጉ፣ ይባስ ብላችሁም ፎቶግራፍ ብታስነሡ፣ ከቤት የቀረውን ሰው ተጨማሪ ደቂቃ ወሰዳችሁበት ማለት ነው። ከርክክብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ፣ ሥራው ረጋ ሲል ግቡ።

መልእክቱ በትክክል መጻፉን የምታውቁት ከምስጋና ምላሹ አይደለም፤ ለኃላፊ «አሜን» የማይል የለም። ከላካችሁ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች ቁጠሩ። ሦስት ሰዎች ስለ ሰርቪስ ከጠየቁ የሰርቪሱ ዓረፍተ ነገር ግልጽ አልነበረም። ማንም ምንም ሳይጠይቅ በዋዜማው «አሞኛል» የሚል ስልክ ከበዛ ደግሞ ችግሩ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው፤ ምናልባት ባለፈውም በዓል የሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ መልእክት ማሳመር አይጠቅምም፤ ዝርዝሩን መቀየር ነው።

ለዚህ ሲባል የበዓሉን የፈረቃ ዝርዝር፣ ልውውጦቹን ጨምሮ፣ በዕለቱ በተሠራው ልክ አርማችሁ አስቀምጡት። የሚቀጥለው በዓል ተረኞች ሲመደቡ መጀመሪያ የሚገለጠው እርሱ ነው፤ እናንተ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወሩም ለሚተካችሁ ሰው አስረክቡት።