«በጣም አዘነች» ብሎ መጻፍ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «ስክሪፕቱ ላይ ‹እናትየዋ በጣም አዘነች› ብዬ እጽፋለሁ፤ ሲቀረጽ ግን ፊቷን ከማኮሳተር ያለፈ ነገር አይታይም። እንዴት ልጻፈው?»

መልስ፦ በእውነተኛ ሐዘን ከፍ የሚለው የቅንድብ የውስጠኛው ጫፍ ሲሆን፣ ይህን አብዛኛው ሰው አስቦ ሊያደርገው ስለማይችል፣ ፊቷን ከማዘዝ ይልቅ ሐዘኗን የምትደብቅበት ሥራ ቢሰጧት ይሻላል። እዚህ ጎንደር ልጇ ለጥምቀት እንደማይመጣ የምትሰማ እናት ስንቀርጽ፣ «አለቀሰች» የሚለውን ሰርዘን እንዲህ ጻፍነው፦ «ቡና እየቀዳች ጎረቤቷ ይነግራታል። ዓይኗ ሲኒው ላይ ይፈዛል፤ እጇ ግን መቅዳቱን አያቆምም። ቡናው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ ጀበናውን ቀስ ብላ ታስቀምጣለች፤ ከንፈሯን ገጥማ የፈሰሰውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።» (ነጠላዋን ማበላሸቷን አለማስተዋሏ በራሱ ብዙ ይናገራል።)

እንዲታመን ያደረገው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ዓይን ቀድሞ ይቆማል፣ እጅ ዘግይቶ ይሰማል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከተለወጠ ትወናው ይጋለጣል። ካሜራው ፊቷን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን እጁ ስለማይታይ፣ በምትኩ የተቋረጠ ትንፋሽና ምራቅ መዋጥ ይጻፉ።